ምስጢሩ የደንበኛ፣ ሕይወቱ የተከራይ፦ ሁለት አንቀጾች ሲጋጩ እንዴት እናስብ?

«የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ ክፍተት የሚኖረው ጸሐፊዎቹ ስለሚሰንፉ ነው። ዝርዝሩ ይጻፍ፤ ክፍተቱ ይደፈናል። ሁለት አንቀጾች ከተጋጩ የሕዝብ ደህንነት የሚለው ያሸንፋል፤ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ይህም ካልበቃ የሰው ልጅ ሕሊና አለው። ለተጠራጠረ ደግሞ ዝምታ ይሻለዋል።»

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ያገኘኋቸው ስለ መሐንዲሶች ሥነ ምግባር በተጻፈ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ ጽሑፋቸው ይመሰክራል። እኔ ደግሞ ለዓመታት የቆዩ ሕንጻዎችን ጥንካሬ ስመረምር የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ። ይህን ምክር ብቻ ይዞ ሥራ የሚጀምር ወጣት የመጀመሪያው ከባድ ቀን ሲመጣበት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ። በአሜሪካ የብሔራዊ ፕሮፌሽናል መሐንዲሶች ማኅበር የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ አለው። ቦርዱ የሰው ስም ሳይጠራ ጉዳዮችን እየመረመረ አስተያየት ይሰጣል። አስተያየቱ ሕግ አይደለም። ግን የምህንድስና ሥነ ምግባር የሚያስተምር ሰው ሳያነሳው አያልፍም። ቁጥር 89-7 የተባለው ጉዳይ እንዲህ ነው።

አንድ መሐንዲስ የ60 ዓመት ዕድሜ ያለውን አፓርታማ ጥንካሬ እንዲመረምር ተቀጠረ። ሕንጻው ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ። ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። ውሉ «ሪፖርቱ በምስጢር ይያዛል» ይላል። ባለቤቱም ሕንጻውን ባለበት ሁኔታ እንደሚሸጥና ምንም እንደማይጠግን ተናግሯል። መሐንዲሱ ፈተሸው፤ የሕንጻው አጥንት ደህና ነው። በሥራው መሃል ግን ባለቤቱ ራሱ የኤሌክትሪኩና የሜካኒካሉ ሥርዓት ደንብ የሚጥስ ጉድለት እንዳለበት ነገረው። መሐንዲሱ የስትራክቸር ሰው ነው፤ ኤሌክትሪክ ሙያው አይደለም። ቢሆንም ጉድለቱ ነዋሪዎቹን ሊጎዳ እንደሚችል ገባው። ይህንኑ ለባለቤቱ ነገረው። ሪፖርቱ ላይም ስለ ንግግራቸው ጠቀስ አድርጎ አለፈ። ከዚያ ውጪ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ውሉ ምስጢር ይላላ።

ቦርዱ መሐንዲሱ አጥፍቷል አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ከውሳኔው ይልቅ ወደ ውሳኔው የሚያደርሰው መንገድ ነው የሚያስተምረን።

«ዝርዝሩ ይጻፍ፤ ክፍተቱ ይደፈናል»

የማኅበሩን ደንብ እንክፈተው። ከሁሉ በላይ የሕዝብን ደህንነት፣ ጤናና ደኅና ኑሮ ጠብቁ የሚል አንቀጽ አለ። ያለ ደንበኛው ፈቃድ መረጃ አታውጡ የሚልም አለ። ከምታውቁት ሙያ ውጪ አትሥሩ የሚልም አለ። አራተኛው አንቀጽ ሕይወትን ወይም ንብረትን በሚያሰጋ ሁኔታ ውሳኔያችሁ ውድቅ ከተደረገ ለአሠሪያችሁ ወይም ለደንበኛችሁ፣ እንዲሁም ተገቢ ለሆነ ሌላ አካል አሳውቁ ይላል።

አሁን አራተኛውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ውሳኔያችሁ ውድቅ ከተደረገ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በ89-7 ውስጥ ግን የማንም ውሳኔ ውድቅ አልተደረገም። መሐንዲሱ ስለ ኤሌክትሪኩ የሰጠው ሙያዊ ውሳኔ የለም፤ ሊሰጥም አይችልም። የነገረው ባለቤቱ ነው። አንቀጹን የጻፉት ሰዎች አንድ ትዕይንት በዓይናቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። መሐንዲሱ «ይህ ምሰሶ አይሸከምም» ይላል፤ አለቃው «ዝም በል» ይለዋል። ደንበኛ በጨዋታ መሃል የራሱን ጉድ ሲያወራ አልታያቸውም። ይህ ስንፍና አይደለም። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጀርባ ጸሐፊዎቹ ያዩት አንድ ትዕይንት አለ። ሕይወት ሌላ ትዕይንት ስታመጣ አንቀጹ ግራ ይጋባል።

እሺ፣ ጸሐፊው እንዳሉት ዝርዝር እንጨምር። «መሐንዲስ ከሙያው ውጪ ያለ የደንብ ጥሰትም ከሰማ ያሳውቅ» ብለን እንጻፍ። የ60 ዓመት ሕንጻ ከዛሬ ደንብ ጋር ቢመዘን ጥሰት የማይገኝበት የት አለ? የደረጃው መደገፊያ ዝቅ ያለ ይሆናል። በሩ ይጠብባል። ሶኬቱ ያንሳል። ይህ ሁሉ ሪፖርት ይደረግ ካልን የአሮጌ ሕንጻ ባለቤት ሁለተኛ መሐንዲስ አይጠራም። ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ምሰሶው መሰንጠቁን የሚያይ ሰው አይኖርም። ስለዚህ «ከባድ ጥሰት ከሰማ» ብለን እናስተካክላለን። ከባድ ማለትስ? ክፍተቱ አልተደፈነም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። «ከባድ»፣ «ተገቢ አካል»፣ «የሚያሰጋ» የሚሉት ቃላት ደንቡ ውስጥ የገቡት ሆን ተብሎ ነው። ባለሙያው እዚያ ቆሞ እንዲፈርድ የተተወለት ቦታ ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደንቦች በአንድ ቀን አይጻፉም። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ያወጣው ደንብ የደንበኛን ወይም የአሠሪን ጥቅም መጠበቅ የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ሙያዊ ግዴታ ነው ይል ነበር። የሕዝብ ደህንነት ከሁሉ በላይ ነው የሚለው አነጋገር የመጣው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የምስጢር አንቀጽ የተወለደው ከአንድ ስጋት ነው፤ የደህንነቱ ከሌላ። ደንቡ ክፍል እየተቀጠለለት እንደ አደገ ቤት ነው። ክፍሎቹ በተገናኙበት ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ቢታይ ሊገርመን አይገባም።

«የሕዝብ ደህንነት ያሸንፋል፤ ሌላ ክርክር አያስፈልግም»

ቅደም ተከተሉ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ደንቡን እንደ አዲስ ሲጽፍ ደረጃውን በግልጽ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ኅብረተሰብ፣ ቀጥሎ የተፈጥሮና የተገነባ አካባቢ፣ ከዚያ ሙያው፣ ከዚያ ደንበኛና አሠሪ፣ በመጨረሻ የሙያ ባልደረቦች። ግዴታዎች ሲጋጩ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ ይላል። ጥሩ ሥራ ነው።

ግን ደረጃ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለቱ አንቀጾች በእርግጥ አብረው መሄድ ካልቻሉ ማን ይቅደም? ከዚያ በፊት፣ እውነት ተጋጭተዋል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ያህል ይነገር፣ ለማን ይነገር የሚል አለ። ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

እኔ ግጭት ሲገጥመኝ አንቀጾቹን ወደ ድርጊት እቀይራለሁ። ነገ ጠዋት እያንዳንዱ አንቀጽ ምን አድርግ ይለኛል? የምስጢሩ አንቀጽ «የሰማኸውን ለሌላ አትንገር» ይላል። የደህንነቱ አንቀጽ «ተከራዮቹ እንዳይጎዱ አድርግ» ይላል። እነዚህ ገና አልተጋጩም። ባለቤቱ ነገ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ቢያስጠግን ሁለቱም ይጠበቃሉ። የሚጋጩት ተከራዮቹን ለማዳን ሌላ ሰው ከመንገር በቀር መንገድ ሲጠፋ ነው።

በዚያ ላይ የምስጢሩ አንቀጽ ራሱ በር አለው። «ሕግ ወይም ይህ ደንብ ሲፈቅድ ወይም ሲያስገድድ ካልሆነ በቀር» ይላል። አንቀጽ ሲጋጭባችሁ እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡ። ግማሹ ግጭት እዚያ ይፈታል። በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት ግን አልተጻፈም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

እንዴት እንደምሠራው በምሳሌ ላሳይ። 89-7 ጉድለቱ ምን እንደነበር በዝርዝር አይናገርም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እኔ ልሙላው። ባለቤቱ ለመሐንዲሱ ሁለት ነገር ነገረው እንበል። አንደኛ፣ ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግር ጠባቂው ፊውዙን አውጥቶ በወፍራም ሽቦ ተክቶታል። ሁለተኛ፣ የምድር ቤቱ በር ከደንቡ ጠባብ ነው። ሁለቱም ጥሰት ናቸው። ሁለቱም «ደህንነት» በሚለው ቃል ሥር ሊገቡ ይችላሉ። ግን እኩል ናቸው?

ፊውዝ የተሠራው ለመቃጠል ነው። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ፊውዙ ይበጠስና ኃይሉ ይቆማል። በወፍራም ሽቦ ሲተካ የሚበጠስ ነገር የለም። ጭነቱ ሲበዛ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር ነው። ማንም አያየውም። እሳቱ የሚነሳው ሰው ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አራት ነገር እጠይቃለሁ። ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው? መቼ ሊደርስ ይችላል? የሚጎዱት ሰዎች ያውቃሉ ወይ? ቢያውቁ ራሳቸውን ማዳን ይችላሉ ወይ? የፊውዙ መልስ፦ ሞት፣ ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል፣ አያውቁም፣ ቢያውቁ ግን ምድጃና ማሞቂያ አብረው ባለመክፈት እንኳ አደጋውን ይቀንሱ ነበር። ይህ ምስጢርን ለመክፈት የሚበቃ ነው። የበሩ መልስ፦ ተከራዩ በየቀኑ ያየዋል፣ ያውቀዋል፣ ነገ የሚገድለው ነገር አይደለም። ምስጢሩ እንደተጠበቀ ይቆያል። «ደህንነት ያሸንፋል» የሚለው መፈክር ሁለቱን አይለይልንም።

ቀጥዬ የተሸነፈው አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ አስባለሁ። የምስጢር ግዴታ ባይኖር ደንበኛ እውነቱን አይነግረንም። በ89-7 ባለቤቱ የተናገረው መሐንዲሱን ስላመነ ነው። መሐንዲሶች የሰሙትን ሁሉ የሚዘረግፉ ቢሆኑ ኖሮ ስለ ፊውዙ ማንም አይሰማም ነበር። ስለዚህ ምስጢር ራሱ ለደህንነት ያገለግላል። ይህ ለምን ቁጥብ መሆን እንዳለብኝ ይነግረኛል። በሌላ በኩል የምስጢሩ ዓላማ የደንበኛውን ንግድ መጠበቅ ነው። ከላይ ፎቅ የተኛ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን እንዳያውቅ ማድረግ የዚህ ዓላማ አካል አይደለም።

አሁን ወደ ድርጊቱ። መጀመሪያ ባለቤቱ ጋ እሄዳለሁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ምን እንደነገረኝ፣ ለምን አሳሳቢ እንደሆነ፣ እስከ መቼ ኤሌክትሪሺያን እንደሚጠራ፣ ካልጠራ ምን እንደማደርግ። ቀኑ አጭር መሆን አለበት። ፊውዙን ለመቀየር ቀናት ይበቃሉ፤ ወራት አያስፈልጉም። ቦርዱ መሐንዲሱን የወቀሰው አንዱ በዚህ ነው። ነገሩ ካሳሰበው ደንበኛው እርምጃ እንዲወስድ አጥብቆ መጠየቅ፣ ካልሆነም ሥራውን መተው ነበረበት፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ቀጠለ።

ባለቤቱ እምቢ ካለ ሕንጻ ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል እጽፋለሁ። ደብዳቤው ላይ አድራሻው፣ ባለቤቱ የነገረኝ ነገርና ቀኑ ይኖራል። «እኔ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አይደለሁም፤ አላየሁትምም፤ ባለሙያ እንዲያየው እጠይቃለሁ» የሚል መስመርም ይኖራል። በዚህ መስመር ሦስተኛው አንቀጽም ይጠበቃል። ከሙያዬ ውጪ አልፈረድኩም፤ የሰማሁትን ነው የመሰከርኩት። ብዙ ባልደረቦቼ «ሙያዬ አይደለም» ብለው ከዚህ ጉዳይ ሲሸሹ አይቻለሁ። የብቃት አንቀጽ እንዳትፈርድ ይከለክልሃል እንጂ ባለሙያ ይምጣ እንዳትል አይከለክልህም።

ደብዳቤው ውስጥ የማይኖረውም እኩል ያስፈልጋል። ሕንጻው ሊሸጥ መሆኑ አይኖርም። የጥንካሬ ምርመራዬ ውጤት አይኖርም። የምድር ቤቱ በር አይኖርም። ለገዢውም ደውዬ አልነግረውም። ገዢው ዛሬ ማታ እዚያ አይተኛም። የእሱ ጥያቄ የሽያጭ ፍትሕ ነው፤ እሱን የሚዳኝ ሌላ ሕግ አለ። የምስጢር አንቀጽ በአንድ ቀዳዳ ተሸነፈ ማለት ከነጭራሹ ጠፋ ማለት አይደለም። ከዚያች ቀዳዳ ውጪ አሁንም ሙሉ ኃይል አለው። ስለዚህም ለተቆጣጣሪው ከመጻፌ በፊት ለባለቤቱ «ልጽፍ ነው» ብዬ እነግረዋለሁ።

ጊዜው ሲጠብ ይህ ሁሉ ይጠባል። ቦርዱ ያየው ሌላ ጉዳይ፣ 90-5፣ ይህን ያሳያል። ተከራዮች ባለቤቱን ከሰሱት፤ የባለቤቱ ጠበቃ መሐንዲስ ቀጠረ። መሐንዲሱ ክሱ ውስጥ ያልተጠቀሰ፣ ተከራዮቹን ወዲያውኑ የሚያሰጋ የሕንጻ ጉድለት አገኘ። ጠበቃው «የክሱ አካል ነው፤ በምስጢር ያዘው» አለው። ያዘው። ቦርዱ ይህንንም ጥፋት ነው አለ። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ሲገባ ለደንበኛው የሚሰጠው ቀን ወደ ሰዓታት ይወርዳል። መንገዱ ግን ያው ነው።

«ይህም ካልበቃ የሰው ልጅ ሕሊና አለው»

ሕሊና የነበረው ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ዮርክ ሲቲኮርፕ ሴንተር የተባለ ባለ 59 ፎቅ ሕንጻ ተጠናቀቀ። ከጥጉ ሥር ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ ሕንጻውን የተሸከሙት ትልልቅ ምሰሶዎች የቆሙት በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መሃል ላይ ነው። የስትራክቸር መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠሪየር ነበር። በ1978 ነፋስ ከማዕዘን በኩል ሲመጣ ምን እንደሚሆን እንደገና አሰላ። በግንባታው ጊዜ የሰያፍ ብረቶቹ መጋጠሚያዎች በብየዳ ፋንታ በቡሎን እንደታሰሩም አወቀ። በስሌቱ መሠረት ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሕንጻውን ሊጥለው ይችል ነበር።

ዝም ማለት ይችል ነበር። አላለም። ለባለቤቱና ለከተማው ባለሥልጣናት ነገረ። ሠራተኞች ቢሮውን ለቀው ሲወጡ በየሌሊቱ በየመጋጠሚያው ላይ ወፍራም የብረት ላሜራ እየተበየደ ሕንጻው ተጠናከረ። በዚህ በኩል ያደረገው ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል።

ለሕዝቡ ግን እውነቱ አልተነገረም። የወጣው መግለጫ ነገሩን ቀላል ማስተካከያ አስመስሎ አቀረበው። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች፣ ለመልቀቅ ዕቅድ ሲወጣላቸው እንኳ፣ ምንም አያውቁም ነበር። በዚያው ክረምት የከተማዋ ጋዜጦች አድማ ላይ ስለነበሩ ጠያቂም ጠፋ። እውነቱ በሰፊው የታወቀው በ1995 ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ።

የመሐንዲሶች ደንብ በይፋ የምትናገሩት እውነተኛ ይሁን ይላል። የሕዝብን ደህንነት ጠብቁም ይላል። የዚያን ጊዜው መከራከሪያ «ብንናገር ሕዝቡ ይደናገጣል» የሚል ነው። ያው ሕሊና ነው ሌሊቱን ያስበየደው፤ ያው ሕሊና ነው መግለጫውን ያለሰለሰው። ስለዚህ ሕሊና ብቻውን ሁለቱን ሊለይልን አልቻለም። የሚለየው የሚጻፍ፣ ሌላ ሰው ሊመረምረው የሚችል ምክንያት ነው።

እኔ እንዲህ አየዋለሁ። ዝም ማለትና ያልሆነውን መናገር አንድ አይደሉም። ደንቡ ያወቃችሁትን ሁሉ ወዲያው አውሩ አይልም። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ጥቂት ሳምንት ዝም ለማለት የደህንነት ምክንያት ሊቀርብ ይችላል። እኔን አያሳምነኝም፤ አደጋውን የሚሸከመው ሰው ቢያንስ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ራቅ ብሎ ለማደር የመወሰን መብት አለው። ግን ክርክሩ ይገባኛል። «ቀላል ነው» ብሎ መናገርን ግን የደህንነት አንቀጽ አይፈቅደውም። ሁለቱን አንቀጾች አብሮ የሚጠብቅ ሦስተኛ መንገድ ነበራ፤ «ሕንጻውን እያጠናከርን ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ካለ እናሳውቃችኋለን» ማለት።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ያሳዝነኛል። ምክንያት የሚሠራበት ጊዜ አለው። ድንጋጤን መፍራት የዝምታው ምክንያት ከነበረ ብየዳው ባለቀ ቀን ምክንያቱ አልቋል። ዝምታው ግን ቀጠለ። በእነዚያ 17 ዓመታት ከማዕዘን ስለሚመጣ ነፋስና ስለ ቡሎን መጋጠሚያ ከዚህ ሕንጻ መማር የነበረባቸው መሐንዲሶች ሳይማሩ ቀሩ። ለአንድ አንቀጽ ብላችሁ ሌላውን ስታስቀሩ እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ።

«ለተጠራጠረ ዝምታ ይሻለዋል»

ይህኛውን በራሴ ጥፋት እመልሳለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ሕንጻ በረንዳ አየሁ። በረንዳው ከግድግዳው ወጥቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ግድግዳውን በሚነካበት በኩል፣ ከላይ ባለው ገጹ ላይ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረ። በስንጥቁ ዙሪያ ቡናማ የዝገት ውሃ ወርዷል። እንዲህ ያለ በረንዳ ክብደቱን የሚይዘው ከላይ በኩል በተቀበረው ብረት ነው። ብረቱ ከዛገ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሲወድቅም ብዙ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ይህን አውቅ ነበር። ደንበኛው ግን ሪፖርቱ «እንዳያስፈራ» አስቀድሞ ነግሮኛል። እኔም 11ኛው ገጽ ላይ «ተጨማሪ ምርመራ ይመከራል» ብዬ ጻፍኩ።

ማንም ተጨማሪ ምርመራ አላደረገም። ከወራት በኋላ የበረንዳው ጠርዝ ሌሊት ተገምሶ ወደቀ። ከሥር ሰው አልነበረም። ያንን ገጽ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ዋሽቼ አልነበረም፤ ዝምም አላልኩም። ሁለቱንም አንቀጾች ያስደሰትኩ መስሎኝ ሁለቱንም ከዳሁ። ደንበኛው እውነቱን ጥርት አድርጎ አልሰማም፤ ከሥር የሚያልፈው ሰውም አልተጠበቀም።

የ89-7ቱ መሐንዲስም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሪፖርቱ ላይ ጠቀስ አድርጎ አለፈ። የግማሽ ዝምታ ምልክቱ ይህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበ ሰው ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። አሁን የጻፍኩትን በዚህ እፈትሻለሁ። ምን እንዳየሁ፣ ማን እንደሚጎዳ፣ እንዴት፣ ማን እስከ መቼ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልያዘ አልጻፍኩም ማለት ነው። የበረንዳው ዓረፍተ ነገር «በረንዳው ይወድቃል፤ ዛሬ ይዘጋ፤ ከሥሩ ሰው አይለፍ፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድጋፍ ይደረግለት» መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ግጭት የሚወለደው ውል ሲፈረም ነው። የ89-7ቱ መሐንዲስ «ሪፖርቱ በምስጢር ይያዛል» የሚለውን ሲፈርም ሰዎች የሚኖሩበት አሮጌ ሕንጻ ሊያይ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከበረንዳው በኋላ በውሎቼ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ «የምስጢር ግዴታው የሰውን ሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታን አይሸፍንም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሁ ወይም ከሰማሁ መጀመሪያ ለእርስዎ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ በተስማማነው ቀን ካልተስተካከለ ያንን ብቻ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አሳውቃለሁ።»

እስካሁን ሁለት ደንበኞች ይህን መስመር ሰርዘው እንድንፈራረም ጠይቀውኛል። አንደኛው ምክንያቱን ስነግረው ቆም ብሎ አሰበና «እንግዲያው እውነቱን ልንገርህ» ብሎ ምድር ቤቱን ከፈተልኝ፤ ሥራውን የጀመርነው ከዚያ ነው። የሁለተኛውን ሥራ አልያዝኩም።